ሲን ተደርጎ መልስ ሲጠፋ፦ ዝምታውን ሳናጋንን የምናነብበት አሠራር

እሁድ ማታ 3፡20 ላይ ለጓደኛዬ «ያን ነገር ምን አሰብሽበት?» ብዬ ጻፍኩላት። 3፡26 ላይ ሁለቱ ራይቶች ሰማያዊ ሆኑ። መልስ የለም። 4 ሰዓት ላይ ገብቼ ሳይ ኦንላይን ናት፤ አሁንም መልስ የለም። ከመተኛቴ በፊት ሁለቴ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ አንዴ አየሁ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ታሪኩ በጭንቅላቴ ተጽፎ አልቆ ነበር፦ ዓርብ ዕለት የቀለድኩት ቀልድ አስቀይሟታል፣ ስለዚህ ዘግታኛለች፣ ነገሩን ካሰብኩት እንዲያውም ካለፈው ወር ጀምሮ ቀዝቅዛብኛለች።

በእጄ የነበረው ማስረጃ ግን ሁለት ሰማያዊ ራይትና አንድ «ኦንላይን» የሚል ቃል ብቻ ነው። ያን ሳምንት ተረጋግቼ የሠራሁትን፣ ከዚያም ወዲህ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲገጥመኝ የምከተለውን አሠራር ከነቁጥሮቹ ላስቀምጠው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ስሌቱን ስልክ ላይ መሥራትም ይቻላል፤ ግን ስልኩን የያዘ እጅ ያንኑ ቻት መልሶ ይከፍታልና ወረቀት እመርጣለሁ።

ደረጃ 1፦ ስልኩ ያሳየውን ራሳችሁ ከጨመራችሁት ለዩ

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል ስክሪኑ ላይ ያያችሁትን ብቻ፣ በሌላው በኩል ከዚያ ተነስታችሁ የደመደማችሁትን ጻፉ። የእኔ ወረቀት ላይ በአንዱ ወገን «3፡26 ሰማያዊ ሆነ፣ 4፡00 ኦንላይን ነበረች» የሚል አንድ መስመር፣ በሌላው ወገን አምስት መስመር ነበር። መጠኑን ማየት ብቻውን ትንሽ ያበርዳል።

ከዚያ ያያችሁት ምልክት በእርግጥ ምን እንደሚል አጣሩ፤ አብዛኛው ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው የሚናገረው። ዋትስአፕ ላይ አንድ ግራጫ ራይት ማለት መልእክቱ ከእናንተ ስልክ ወጥቶ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ተቀባዩ ጋ መድረሱን የሚነግራችሁ ሁለተኛው ግራጫ ራይት ነው። ሁለቱ ሰማያዊ ሲሆኑ ቻቱ ተከፍቷል። መልእክቱን ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ `Info` የሚለውን ብትከፍቱ የደረሰበትንና የተነበበበትን ሰዓት ለየብቻ ታገኛላችሁ።

ቴሌግራም ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። እዚያ አንድ ራይት መልእክቱ ቴሌግራም ጋ ደርሷል ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ራይት የሚመጣው ቻቱ ሲከፈት ነው። «ስልኳ ላይ ደርሷል» የሚል የመሃል ምልክት ጭራሽ የለውም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው አካውንቱን ስልክም፣ ታብሌትም፣ ኮምፒውተርም ላይ በአንድ ጊዜ ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ በዋትስአፕ ልማድ የቴሌግራምን አንድ ራይት አይቶ «ስልኳ ዝግ ነው» ወይም «ብሎክ አድርጋኛለች» የሚል ሰው የማያውቀውን ቋንቋ እያነበበ ነው። ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ጭራሽ ይገለባበጣሉ፦ ቴሌግራም ከግሩፑ አንድ ሰው እንኳ ካየው ሁለት ራይት ያሳያል፤ ዋትስአፕ ግን ሰማያዊ የሚሆነው ሁሉም አባል ሲያነብ ነው።

«ተከፍቷል» እና «ተነቧል» የተለያዩ መሆናቸውንም ያዙ። ቻታችሁ ስክሪኑ ላይ ክፍት እንደሆነ ስልኩ የተቆለፈ ሰው፣ ሰዓት ለማየት ሲከፍተው የእናንተ መልእክት ወዲያው ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ዋትስአፕን ከፍቶ ቡና ሊያፈላ የተነሳም ያው ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ከላይ በሚወርደው ኖቲፊኬሽን ሙሉውን መልእክት አንብቦ ቻቱን ያልከፈተ ሰው አንብቧል፣ ራይቱ ግን ግራጫ ነው። የንባብ ማረጋገጫውን ያጠፋ ሰው ደግሞ ቢያነብም ሰማያዊ አያሳይም፤ ከግሩፕና ከተደመጠ የድምፅ መልእክት በስተቀር፣ እነዚያን ማጥፋት አይቻልምና።

«ኦንላይን» የሚለው ቃል አፑ በዚያ ቅጽበት ፊት ለፊት ክፍት ነው ማለት ነው። ከማን ጋር፣ ለምን፣ በምን ስሜት እንደሆነ አይናገርም። የቴሌግራሙ `last seen recently` ደግሞ ከአንድ ሰከንድ እስከ ሁለት ሦስት ቀን ያለውን ጊዜ በሙሉ በአንድ ከረጢት የሚያስር ቃል ነው። ሰዓቱን የደበቀ ሰው ከአምስት ደቂቃ በፊት ቢገባም፣ ከትናንት በስቲያ ቢገባም ያው ያንኑ ነው የምታዩት። ከዚህ ተነስቶ መደምደሚያ ላይ መድረስ ግምት እንጂ ንባብ አይደለም።

አንድ ግራጫ ራይት ቀኑን ሙሉ ሲቆይስ? መጀመሪያ የሚጠረጠረው ተራው ነገር ነው፦ ዳታ ጠፍቷል፣ ባትሪ አልቋል፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው፣ ስልክ ተቀይሯል፣ ወይም ባትሪ ቆጣቢው አፑን አስተኝቶታል። አንድሮይድ ከ6.0 ጀምሮ ዝም ብሎ የተቀመጠን ስልክ እንቅልፍ ውስጥ ያስገባል፤ አንዳንድ ስልኮች ላይ ያለው ተጨማሪ ቆጣቢ ደግሞ ከዚያም ይጠነክርና መልእክት ስልኩ እስኪነካ ድረስ ሊዘገይ ይችላል። ብሎክም አንድ ራይት ነው የሚያሳየው፤ ዋትስአፕ ይህን ሆን ብሎ አሻሚ አድርጎታል፣ ብሎክ ያደረገውን ሰው ለመጠበቅ። ስለዚህ በምልክት ብቻ «ብሎክ ተደርጌአለሁ» ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ፎቶና `last seen` መጥፋታቸውም ከፕራይቬሲ ምርጫ ሊመጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የዚያን ሰው የራሱን ፍጥነት ቁጠሩ

«ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመልሳል» የሚል አጠቃላይ ሕግ የለም። ያለው የዚህች ሰው ከእናንተ ጋር ያላት ልማድ ነው፣ እሱም ቻቱ ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ወደ ኋላ ተመለሱና እናንተ ጥያቄ የጠየቃችሁባቸውን የመጨረሻ አስራ ሁለት መልእክቶች አውጡ። ጥያቄ ያልሆነውን፣ እንደ «እሺ» እና «ደህና እደሪ» ያለውን አትቁጠሩ፤ መልስ የማይጠብቅ ነገር ፍጥነት የለውም።

ያልተመለሱትን አትዝለሏቸው። እኔ መጀመሪያ ስቆጥር የተመለሱትን ብቻ ወሰድኩና ጓደኛዬ እንደ መብረቅ የምትመልስ ሆና አገኘኋት፤ ስለዚህ የእሁዱ ዝምታ ይበልጥ አስፈሪ መሰለ። አሥራ ሁለቱን በሙሉ ስደረድር ግን ሁለቱ ፈጽሞ አልተመለሱም ነበር። አንደኛው የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት፣ ሌላኛው «አይተሽዋል?» ብዬ የላክሁት ሊንክ። ሁለቱም ጊዜ ምንም አልተፈጠረም፣ እኔም ረስቼዋለሁ። ይህች ሰው ተቀይማም ሳትቀየም አንዳንድ መልእክት የምታሳልፍ ናት ማለት ነው።

የቀሩት አሥሩ መልስ ለማግኘት የወሰዱት ደቂቃ፣ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ሲደረደር፣ ይህ ነበር፦ 3፣ 5፣ 8፣ 11፣ 14፣ 20፣ 35፣ 50፣ 180፣ 1440። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሦስት ሰዓትና አንድ ሙሉ ቀን ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት «አብዛኛውን ጊዜ» እንዳለ ልብ በሉ። መሃል ላይ ያሉት 14 እና 20 ናቸው፤ የሁለቱ አማካይ 17 ደቂቃ ነው። ጭንቅላታችን የሚያስታውሰው ይህንን ነው፦ «እሷ እኮ በሩብ ሰዓት ትመልሳለች!» አሥሩንም ደምረን ለአሥር ብናካፍል ግን 1766 ደቂቃ ለአሥር ሲካፈል 177 ገደማ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ያህል ይመጣል። ያቺ አንዲት የአንድ ቀን መዘግየት አማካዩን ጎትታ አስረዝማዋለች።

ይህ የጓደኛዬ ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዮራም ካልማን፣ ሼዛፍ ራፋኤሊና ባልደረቦቻቸው በሦስት የተለያዩ የመልእክት ክምችቶች ላይ፣ የኤንሮን ኩባንያ ሠራተኞች ኢሜሎች አንዱ ሆኖ፣ የመልስ ጊዜን ሲያጠኑ አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው ያገኙት። ቢያንስ 70 በመቶው መልስ ከአማካዩ ጊዜ በፊት ይመጣል፤ የአማካዩ አሥር እጥፍ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ከ4 በመቶ አይበልጥም። የእኔ ዝርዝር ላይ ከአሥሩ ስምንቱ ከሦስት ሰዓት በታች ናቸው፤ ቅርጹ ያው ነው።

ለእኛ የሚጠቅመው መሃል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ለጓደኛዬ አሥር እጥፍ ማለት 29 ሰዓት ያህል ነው። ከ17 ደቂቃ እስከ 29 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመጣ መልስ «ዘገየ» ሊባል ይችላል፤ ግን ዘግይቶ የሚመጣ መልስ የተለመደ ነገር ነው፣ ምልክት አይደለም። እኔ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ታሪኬን ጽፌ ስጨርስ ያለፈው 16 ሰዓት ነበር፤ ገና የሜዳው መሃል ላይ ነበርኩ። አሥር እጥፉ ካለፈ በኋላ ደግሞ «ተቀይማለች» ሳይሆን «ይህ መልእክት ከአሁን ወዲያ በራሱ ላይመለስ ይችላል፣ የሆነ ነገር ላድርግ» ነው የሚባለው። ቁጥሩ ምክንያትን አይናገርም።

ደረጃ 3፦ ከሚመሳሰለው ጋር አነጻጽሩ

አሠራሩ ዋና ጥቅሙን የሚሰጠው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንን ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ጥያቄው ምን እንደነበር በአንድ ቃል ጻፉ። እኔ ስጽፍ ከ3 እስከ 35 ያሉት ሁሉ ቀላል ነበሩ፦ የት ነሽ፣ ስንት ሰዓት እንገናኝ፣ ያቺን ፎቶ ላኪልኝ። የ50 ደቂቃው፣ የሦስት ሰዓቱና የአንድ ቀኑ ግን ሦስቱም ውሳኔ የሚጠይቁ ነበሩ። የአንድ ቀኑ ገንዘብ ለጥቂት ሳምንት እንድታበድረኝ የጠየቅኩበት ነው።

የእሁዱ «ያን ነገር» ደግሞ ምን ነበር? ለቤት ኪራይ ውል ዋስ እንድትሆነኝ ከአንድ ሳምንት በፊት በአካል ያነሳሁላት ጉዳይ ነው። ዋስ መሆን ስም ማስመዝገብ ነው፣ ካልከፈልኩ እሷ ትጠየቃለች፤ ባለትዳር ሴት ይህንን ለብቻዋ አትወስንም። እኔ ግን መልሷን «ስንት ሰዓት እንገናኝ» ከሚለው ጋር እያነጻጸርኩ ነበር የተጨነቅኩት። ሎሚ ከሀብሐብ ጋር መመዘን ማለት ነው።

ከሦስት ቁጥር ሕግ አይወጣም፤ እዚህ ላይ አማካይ እያሉ ማስላት ራስን ማታለል ነው። እንዲህ ሲሆን የምጠቀምበት የራሴ መለኪያ ቀላል ነው፦ ለተመሳሳይ ጥያቄ ከዚህ በፊት የወሰደችውን ረጅሙን ጊዜ በሁለት እጥፋለሁ። ረጅሙ አንድ ቀን ስለሆነ ሁለት ቀን፣ ማለትም እስከ ማክሰኞ ማታ 3፡20። በጥናት የተደገፈ አይደለም፤ ግን ከ17 ደቂቃው ስሜት ይሻላል። ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቃችሁ ካላወቃችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ ይህ ቢመጣብኝ ከማን ጋር መማከር አለብኝ፣ ያን ሰው መቼ አገኘዋለሁ? ያ ጊዜ ነው ትንሹ።

ሰዓቱንም እግረ መንገድ እዩት። የጓደኛዬ ፈጣን መልሶች አብዛኞቹ ምሳ ሰዓት አካባቢ የመጡ ናቸው። ማታ የተላከላት ነገር ላይ ፈጣን አይደለችም። ይህ በኋላ ይጠቅመናል።

ደረጃ 4፦ የራሳችሁን መልእክት እንደ ተቀባይ አንብቡት

«ያን ነገር ምን አሰብሽበት?» ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በጭንቅላቴ ሲዞር የዋለው ያው ነገር ነበርና። እሷ ግን በዚያ ሳምንት ከእኔ ጋር ስለ ዋስትናው፣ ስለ ጓደኛችን ሠርግ ፎቶዎችና ስለ አንድ ሥራ ማስታወቂያ አውርታለች። ሦስት «ያን ነገር» አለ።

ጸሐፊ የራሱን መልእክት ግልጽነት ከልክ በላይ እንደሚገምት ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ላይ ፈትነውታል። በኢሜል የተላከው ዓረፍተ ነገር ሽሙጥ ይሁን ቁም ነገር ተቀባዩ እንዲለይ ሲጠየቅ፣ ላኪዎቹ 78 በመቶውን ይለያል ብለው ገመቱ፤ ተቀባዮቹ የለዩት ግን 56 በመቶውን ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም የማይሻል ነው። ላኪው ሲጽፍ ድምፁን በጆሮው ይሰማል፤ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው።

መልእክታችሁን ጮክ ብላችሁ፣ እናንተን እንደማያውቅ ሰው አንብቡት። ጥያቄ አለው ወይስ ወሬ ብቻ ነው? ጥያቄው አንድ ነው ወይስ ሦስት? ስንት ቃል ቢጻፍ ይመለሳል? ቀን አለው? የእኔ መልእክት በአንድ ቃል አይመለስም፣ ቀን የለውም፣ ስለ ምን እንደሆነም አይልም። እንዲህ ያለ መልእክት የሚደርሰው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ከፍቶ ያያል፣ «ቆይ ተረጋግቼ እመልሳለሁ» ይላል፣ ከዚያ ሌላ አሥር መልእክት ከላይ ይከመርበታል። አንዴ ስለተከፈተም ያልተነበበ መሆኑን የሚያስታውሰው ቁጥር ከላዩ ጠፍቷል። ሰማያዊው ራይት እኛ ዘንድ «አይታ ተወችው» የሚል ድምፅ ሲኖረው፣ እሷ ዘንድ ትርጉሙ ማስታወሻው ጠፋ ማለት ነው። የምናዝንበት ምልክት ራሱ ብዙ ጊዜ የመዘግየቱ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ የማስታወሻውን ቀን ወስኑና እስከዚያ ዓይናችሁን አንሱ

አሁን ቀን አላችሁ። የእኔ ማክሰኞ ማታ ነበር፤ እሷ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ስለምትመልስ ወደ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ወሰድኩት። የውሉ ቀን ዓርብ ስለነበር ጊዜ አለኝ። ቀኑን የስልክ ማስታወሻ ላይ መዝግቡት፣ ምክንያቱም ጭንቅላት ነገሩን ለሌላ እስኪያስረክብ ድረስ አይተውም።

እስከዚያ ድረስ ችግሩ መጠበቁ ሳይሆን መፈተሹ ነው። በየገባችሁ ቁጥር አዲስ መረጃ ታገኛላችሁ፤ ኦንላይን ናት፣ ፎቶ ቀየረች፣ ስታተስ ለጠፈች። አንዱም ስለ ጥያቄያችሁ አይናገርም፣ ሁሉም ግን ለታሪኩ ማገዶ ይሆናል። ለሚያሰቃያቸው ሰዎች አንድ ሳምንት የንባብ ማረጋገጫውንና `last seen` የሚለውን እንዲያጠፉ እመክራለሁ፤ ዋትስአፕ ላይ የራሳችሁን ስትደብቁ የሌላውንም ማየት ይቀርባችኋል፣ የሚፈለገውም ያ ነው። ቻቱን አርካይቭ ማድረግ ግን አይጠቅምም፦ ዋትስአፕ አርካይቭ የተደረገን ቻት አዲስ መልእክት ቢመጣም እንደተደበቀ እንዲቆይ ስለሚያደርገው፣ መልሱ ቢመጣም ላታዩት ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፣ ለሦስት ቀን «ዘጋችኝ» ያልኳት ሰው በሁለተኛው ሰዓት መልሳልኝ ነበር።

ደረጃ 6፦ አንድ ማስታወሻ፣ በደንብ የተጻፈ

የማይሠሩትን በቅድሚያ። «??» ወቀሳ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ሰላም ነሽ?» ብቻውን ሲላክ ሁለተኛ ዙር ጥበቃ ይከፍታል፤ «ሰላም ነኝ፣ አንቺስ?» ትልና ዋናው ነገር እዚያው ይቀራል። ከሁሉም የከፋው «ተቀየምሽኝ እንዴ?» ነው። ተቀይማ ካልሆነ የሌለ ነገር እንድታስተባብል ታስገድዷታላችሁ፤ ተቀይማ ከሆነም በጽሑፍ በሁለት መስመር የሚፈታ አይደለም። ሁለቱም ጊዜ ዋስትናው ሳይመለስ ይቀራል።

ጥሩ ማስታወሻ የመጀመሪያውን መልእክት ሳያስቆፍር ጥያቄውን እንደ አዲስ ያነሳል፣ በአንድ ቃል ይመለሳል፣ ቀን አለው፣ «አይሆንም» ለማለት በር ይከፍታል፣ መልስ ካልመጣ ምን እንደምታደርጉም ይናገራል። ረቡዕ 6፡40 ላይ የላክሁት ይህ ነው፦

«እሁድ የጠየቅኩሽ ስለ ቤቱ ዋስትና ነበር፣ ግልጽ አላደረግኩትም። ውሉን ዓርብ ነው የምፈርመው። ትችያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ? አይሆንልኝም ብትዪ ፍጹም አልከፋም። እስከ ነገ ማታ ካልሰማሁሽ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፣ አትጨነቂ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋናዋ ናት። ከእሷ በኋላ ዝምታ ራሱ ትርጉም ያለው መልስ ይሆናል፤ ትርጉሙንም እናንተ ቀድማችሁ ወስናችሁታል። ከዚያ ወዲያ መፍታት የሚፈልግ እንቆቅልሽ የለም። ቃሉን ግን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ «ሌላ ሰው እጠይቃለሁ» ብሎ ሐሙስ ማታ ሦስተኛ መልእክት መላክ ሁሉንም ያፈርሰዋል።

ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ መለሰች፦ «ውይ! ስለ ሠርጉ ፎቶዎች መስሎኝ ነበር እኮ፣ መርጬ ልልክልሽ ስል ነው ሳልመልስልሽ የቀረሁት። የዋሱን ዛሬ ማታ ከባሌ ጋር አውርቼ ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ።» ሐሙስ ጠዋት ደግሞ እንደማይሆንላቸው ነገረችኝ። ባለቤቷ ለወንድሙ ዋስ ሆኖ ነበርና ሌላ መጨመር አልፈለገም። ሌላ ሰው ጠየቅኩ።

ይህን ሁለተኛ ክፍል የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው። መልሱ «አይሆንም» ሆነ፣ ቅያሜ ግን አልነበረም። እሁድ ማታ አንድ ላይ ጠቅልዬ የተጨነቅኩባቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ፦ «ትሆነኛለች?» እና «ከእኔ ጋር ነገር አላት?» የሚሉ። ዝምታው ስለ ሁለቱም ምንም አላለም ነበር።

አሠራሩ የማይሠራበት ቦታ

ዝምታ አንዳንዴ በእርግጥ ነገር አለው። ልዩነቱን የምታውቁት ከአንድ መልእክት ሳይሆን ከቅርጹ መለወጥ ነው። የቅርብ አሥራ ሁለቱን ከዛሬ ስድስት ወር በፊት ከነበሩት አሥራ ሁለት ጋር አስተያዩ። ከባዱ ጥያቄ ብቻ ከዘገየ ጉዳዩ ጥያቄው ነው። «የት ነሽ» የሚለው ራሱ ከሩብ ሰዓት ወደ አንድ ቀን ከሄደ፣ መልሷ ጥያቄውን እየዘለለ ከመጣ፣ ቀድማ መጻፍም ካቆመች፣ ያኔ የሆነ ነገር ተለውጧል። ይህም ሆኖ የተለወጠው ከእናንተ ጋር ይሁን ከሁሉም ሰው ጋር ቻቱ አይነግራችሁም፤ የታመመ፣ የደከመው ወይም አዲስ ሥራ የገባ ሰው ለሁሉም ነው የሚዘገየው። እዚህ ላይ የመልእክት ቆጠራ ያበቃል፤ ደውሎ ስለ እሷ መጠየቅ ነው የሚቀረው፣ ስለ መልእክቶቹ ሳይሆን።

ሥራ ካመለከታችሁበት ቦታ ወይም ዋጋ ካቀረባችሁለት ደንበኛ ጋር ከሆነ ይህን ሁሉ አታስሉ። እዚያ የቀድሞ ልማድ የሚባል ቁጥር የላችሁም፣ ዝምታም ብዙ ጊዜ ጨዋ «አይ» ነው። ቀን አስቀምጡ፣ አንድ ጊዜ አስታውሱ፣ ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

«ከእንግዲህ አትጻፍልኝ» ያለ ሰው ዝምታም የሚነበብ አይደለም። ተናግሯል።

በየጠዋቱ «ደህና አደርሽ» የሚሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ወይም ያመማቸው ሰው አንድ ጠዋት ዝም ካሉና ራይቱ አንድ ግራጫ ሆኖ ከቀረ፣ አሥር እጥፍ አትጠብቁ። ወዲያው ደውሉ፤ ካላነሱ የጎረቤት ወይም የዘመድ ስልክ ላይ ደውሉ። የአክስቴ የጎረቤቷ ቁጥር ስልኬ ላይ የተመዘገበው ለዚህ ነው፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ደውዬበታለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ ቻርጀሩ ከሶኬቱ ወልቆ ነበር።